የተቆረጠውን ፎቶ ከሙሉው ጋር ሳስተያየው ሌላ ሴት ሆኜ አገኘሁት

ሰናይት_መ

ሰላም ለሁላችሁ። ፎቶ የምታውቁ ሰዎች እርዱኝ።

የመሥሪያ ቤታችን የውስጥ ጋዜጣ ባለፈው ሳምንት የስብሰባችንን ፎቶ አወጣ። ፎቶው ላይ እኔ ነኝ። ጣቴን ቀስሬ፣ ግንባሬን ቋጥሬ ቆሜያለሁ። ከፊቴ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሌላ ሰው የለም። ከሥሩ «ክርክር የበዛበት ስብሰባ» ይላል። ያየ ሁሉ ሰውየውን ስወርድበት ነው የሚመስለው። ካየሁት ጀምሮ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሁሉ «እባክሽ እኔን እንዳትቆጪኝ» እያለ ይስቅብኛል።

እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ትዝ አይለኝም። ስለዚህ ፎቶ አንሺውን ለምኜ የዚያን ሰዓት ፎቶዎች ተቀበልኩ። አምስት ናቸው፤ ቁጥራቸው ከ0412 እስከ 0416። ሁሉም ሰፋ ያሉ ናቸው፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰባት ሰው ይታያል። በአንዱ ላይ ጣቴ ወደ ግድግዳው ስክሪን ነው የሚያመለክተው። ሁለት ሰዎች እየሳቁ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የታተመው ፎቶ ከየትኛው እንደተቆረጠ በምን አረጋግጣለሁ? በዓይን ሳየው 0413 እና 0414 ሁለቱም ይመስላሉ። ሁለተኛ፣ ይህ ውሸት ይባላል? ወይስ እኔ ነኝ ያካበድኩት?

---

አቤል24

እህቴ ምንም አላካበድሽም። ግን ይሄ ክሮፕ ብቻ አይደለም። በረጅም ሌንስ ነው የተነሳው። ቴሌፎቶ ሰዎችን ያጣብቃል። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለን ሰው አፍንጫሽ ሥር ያመጣዋል። ሌንሱ ነው የዋሸው። ምን ሌንስ እንደተጠቀመ ጠይቂው፤ ከ100 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ።

---

ጋሽ መኮንን

ሰናይት፣ ለረጅም ዓመት የፎቶ አርታኢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስንቱን ፎቶ በዚህ እጄ እንደቆረጥኩ አላውቀውም። ስለዚህ እንደ ተከሳሽም ጭምር ነው የምመልስልሽ።

ከየትኛው ፍሬም እንደወጣ በዓይን አትፍረጂ፤ ዓይን ሞኝ ነው። ለኪው። መጀመሪያ በሁለቱም ፎቶ ላይ የሚታዩ፣ የማይንቀሳቀሱ ሁለት ነጥቦች ፈልጊ። የመስኮት እጀታ፣ የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የወንበር ራስጌ ሊሆን ይችላል። ሰው አይሆንም፣ ሰው ይነቃነቃል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ስንት ፒክስል እንዳለ በታተመው ላይ ለኪ፣ ከዚያ በሰፊው ላይ ለኪ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍዪው ፎቶው ስንት እጥፍ እንዳነሰ ይነግርሻል። የታተመውን በዚያው እጥፍ አሳድጊና በሰፊው ላይ ደርቢው።

ድርቡን GIMP በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ብትሠሪው ይቀላል። የላይኛውን ሌየር ሞድ `Difference` አድርጊው። ሁለቱ ምስሎች አንድ በሆኑበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ልዩነት ባለበት ይበራል።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሦስት ዓይነት ውጤት ሊገጥምሽ ይችላል። ሁሉም ነገር ከጠቆረ ፎቶው ከዚያው ፍሬም ነው የተቆረጠው፣ ሌላ ምንም ማለት አይደለም። ግድግዳው ጠቁሮ ሰዎቹ ብቻ ከበሩ ካሜራው እዚያው ነበር፣ ቅጽበቱ ግን ሌላ ነው፤ ማለትም ሌላ ፍሬም ፈልጊ። ሩቁ ግድግዳ ገጥሞ ቅርቡ ጠረጴዛ ፈቀቅ ካለ ደግሞ ፎቶ አንሺው ተንቀሳቅሷል። የቅርብ ነገር ከሩቁ ይልቅ ቶሎ ይንሸራተታልና። ግማሽ እርምጃ እንኳ ቢሄድ ይታወቅበታል።

አቤል፣ ስለ ሌንሱ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። ነገ እመለስበታለሁ፤ ዓይኔ ደከመ።

---

ቲቲ_የልጆች_እናት

እኔም ይሄ ነገር አስቸግሮኛል!! ፕሮፋይል ፎቶዬን ስጭን ክብ አድርጎ ጭንቅላቴን ይቆርጠዋል። በየትኛው አፕ ነው ሙሉ ፎቶ እንዲገባ የምታደርጉት?

---

አቤል24

ቲቲ የኛ ወግ ሌላ ነው 😀 ግን ፎቶውን መጀመሪያ አራት ማዕዘኑ እኩል በሆነ ነጭ መደብ ላይ አስቀምጪውና ጫኚው፣ ይገባል።

---

ቲቲ_የልጆች_እናት

ገባ! ተባረክ። በሉ ቀጥሉ።

---

ሰናይት_መ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ሠራሁት።

የታተመው 1200 በ800 ፒክስል ነው። ኦሪጅናሎቹ 6000 በ4000 ናቸው። ነጥቦቼን የመስኮቱን እጀታና ማብሪያ ማጥፊያውን አደረግኩ። በታተመው ላይ በመካከላቸው 500 ፒክስል አለ፣ በሰፊው ላይ 900። ስለዚህ 1.8 እጥፍ። የታተመውን በዚያ ሳሳድገው 2160 በ1440 ሆነ። ከሙሉው ፎቶ ስንት እንደሆነ ሳሰላው ደነገጥኩ። 13 በመቶ ብቻ! ሰዉ ያየው ከፎቶው 13 በመቶውን ነው።

0413 ላይ ስደርበው ግድግዳው ሊገጥም ትንሽ ቀረው፣ እኔ ግን በራሁ። ክንዴ እንደ መብራት ቦግ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆም ከጎኑ ቀጭን ብሩህ ጠርዝ አወጣ። 0414 ላይ ግን ሁሉም ገጠመ። የሸሚዜ ቁልፍ ሳይቀር። ስለዚህ 0414 ነው።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሙሉ በሙሉ አልጠቆረም። ሁሉም ቦታ ላይ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነገር አለ፣ ፊቴ ላይ ደግሞ ይበልጥ።

---

ጋሽ መኮንን

ጎበዝ! ስንቱ ባለሙያ ይህን አይሠራም።

ግራጫው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፎቶው ሲያንስና በ JPEG ሲታመቅ የሚቀረው ዝቃጭ ነው፤ እሱን እርሺው። በጠርዞች አካባቢ ይበዛል፣ ትርጉም የለውም። ፊትሽ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው ጥላውን አጥቁሮታል። ይህ በጋዜጣ ቤት የተለመደ ነው፣ ፎቶው «እንዲነሳ» ተብሎ ኮንትራስት ይጨመራል። ግን ጥላ ሲጠቁር ቅንድብ ሥር ያለው ጥላም ይጠቁራል። የተቋጠረ የሚመስለው ግንባርሽ ግማሹ ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱን ፊት ጎን ለጎን አድርገሽ እዪው።

አሁን ከፍሬሙ ውጭ ምን እንደቀረ ንገሪን። በአራቱም ጎን። ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ታች። እኔ ሁልጊዜ ከታች ነው የምጀምረው፤ ምክንያቱም የታች መስመር እጅን ይቆርጣል። እጅ ከሌለ ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ አይታወቅም።

---

ሰናይት_መ

ጋሼ ነቢይ ነዎት እንዴ?

ከታች፦ ባልደረባዬ አንገቱን የደፋው ጭኑ ላይ ያለ ወረቀት እያገላበጠ ነው! ፎቶው ከደረቱ በታች ስለተቆረጠ ወረቀቱም እጁም የሉም። አንገት የደፋ ሰው ብቻ ቀረ። ሲያፍር የሚመስለው ለዚህ ነው።

ከግራ፦ ስክሪኑ። በላዩ ሠንጠረዥ አለ። አንድ ረድፍ ላይ የተሳሳተ ድምር ነበር፣ እሱን ነው የማሳየው። በታተመው ላይ ግን ጣቴ ወደ ባዶ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ በሰውየው ጭንቅላት አቅጣጫ ነው።

ከቀኝ፦ ሁለቱ የሚስቁት። አንዷ አፏን ይዛ።

ከላይ፦ ጣሪያ ብቻ። እሱን ቢቆርጡት አልቀየምም።

ፊቴንም አየሁት። በኦሪጅናሉ ስክሪኑን ለማየት ዓይኔን ያጠበብኩ ነው የሚመስለው። መነጽሬን ረስቼ ነበር።

---

ጋሽ መኮንን

እንግዲህ የአቤልን ነገር ልመልስ።

አቤል፣ «ቴሌፎቶ ያጣብቃል» የሚባለው በየትምህርቱ አለ። ግን የሚያጣብቀው ሌንሱ ሳይሆን የቆምክበት ቦታ ነው። ሞክረው። አንድ ቦታ ላይ ሳትነቃነቅ በ24 ሚሊሜትር አንሳ፣ ከዚያ በ100 አንሳ። የመጀመሪያውን መሃሉን ብቻ ቁረጠው። ሁለቱ ላይ የሰዎቹ ርቀት አንድ ነው። ልዩነቱ ጥራቱና ከኋላ ያለው ነገር ምን ያህል ይደበዝዛል የሚለው ነው። ረጅም ሌንስ የሚያጣብቀው ስለምትርቅ ነው። ከሩቅ ስታይ በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ሁለት ሜትር ከጠቅላላው ርቀት ሲታይ ኢምንት ይሆናል።

ለሰናይት ፎቶ ይህ ለምን ይጠቅማል? ፎቶ አንሺው በሰፊ ሌንስ ነው ያነሳው፣ ግን ከክፍሉ ጥግ ሆኖ። እሷና ሰውየው ከእሱ ሲታዩ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። በመካከላቸው ጠረጴዛው ነበር። ጠረጴዛው ከታች ሲቆረጥ ርቀቱ አብሮ ተቆረጠ። ስለዚህ ሌንሱን ብትጠይቂው ንጹሕ ነው የሚወጣው፤ ጥፋተኛው መቀሱ ነው።

በኮሮናው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ የዴንማርክ ፎቶ አንሺዎች ተመሳሳይ ሰዎችን በሁለት መንገድ አንስተው አሳይተው ነበር። በአንዱ ሰዉ ተጨናንቆ የተሰለፈ ይመስላል። በሌላው በመካከላቸው ርቀት አለ። አንዱም ፎቶ አልተነካም። ፎቶሾፕ የለም፣ ክሮፕም የለም። ቆመህ ያየህበት ቦታ ብቻ።

---

አቤል24

እሺ ጋሼ ተቀብያለሁ። ሞክሬው አየሁ፣ እውነትም አንድ ነው። ለዓመታት ስሳሳት ነበር ማለት ነው 🤦

ግን አንድ የታወቀ ምሳሌ ልስጥ። የኢራቅ ጦርነት ፎቶ፣ 2003። አንዱ ጣቢያ ወታደር ምርኮኛ ላይ መሣሪያ ሲደግን አሳየ፣ ሌላው ጣቢያ ወታደር ምርኮኛውን ውሃ ሲያጠጣ አሳየ። ሙሉው ፎቶ ላይ ሁለቱም አሉ። ሚዲያ እንዲህ ነው የሚጫወትብን።

---

ብሌን_ዘ

አቤል፣ እዚህ ጋ ቆም በል። ፎቶው እውነተኛ ነው፤ የአሶሺየትድ ፕሬስ ፎቶ ነው፣ በማርች 2003 በደቡብ ኢራቅ የተነሳ። ግን ሁለቱ ቁራጮች ሁለት ጣቢያዎች ለየብቻ ያሳዩዋቸው አይደሉም። ክሮፕ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማስተማር የተሠሩ ማሳያዎች ናቸው። በኋላ ከነማሳያው በየቦታው ሲዞር «ሚዲያ እንዲህ አደረገ» የሚል ታሪክ ተለጠፈበት። ማለትም ስለ ክሮፕ ውሸት የሚያስተምረው ፎቶ ራሱ በካፕሽን ተዋሸበት።

እውነተኛ ጉዳይ ከፈለግህ የቫኔሳ ናካቴን ውሰድ። የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ስለሠራሁበት በደንብ አውቀዋለሁ።

ጃንዋሪ 24 ቀን 2020፣ ዳቮስ፣ ስዊዘርላንድ። አምስት ወጣት የአየር ንብረት ተሟጋቾች ጎን ለጎን ሆነው ፎቶ ተነሱ። ከግራ ወደ ቀኝ ቫኔሳ ናካቴ፣ ሉዊዛ ኖይባወር፣ ግሬታ ቱንበርግ፣ ኢዛቤል አክሰልሶን እና ሉኪና ቲየ። ናካቴ ኡጋንዳዊት ናት። ሌሎቹ አራቱ ነጭ አውሮፓውያን ናቸው። አሶሺየትድ ፕሬስ ያሰራጨው ፎቶ ላይ አራቱ ብቻ ወጡ። ከኋላቸው በረዶ የለበሰ ተራራ። የቀረችው በግራ ጫፍ የነበረችው ናካቴ ነበረች።

እሷ ራሷ ናት ያየችው። ሁለቱን ፎቶ አስተያይታ «ለምን ከፎቶው አወጣችሁኝ? እኔም እኮ አብሬ ነበርኩ» ብላ በአደባባይ ጠየቀች። ድርጅቱ መጀመሪያ ፎቶውን በሙሉው ተካው፣ ያለ ማብራሪያ። በኋላ የፎቶ ኃላፊው ምክንያቱን ተናገረ። ፎቶ አንሺው በጥድፊያ ላይ ነበር፣ የቆረጠውም ለቅንብር ብቻ ነው፣ ከናካቴ ጀርባ ያለው ሕንፃ ዓይን ስለሚስብበት ነው አለ። ቁጣው ሲበረታ ዋና አዘጋጇ ሳሊ በዝቢ በይፋ ይቅርታ ጠየቀች።

---

መቀስ_በእጄ

እኔ የዲዛይን ሰው ነኝ፤ ተቃውሞ አለኝ። ሕንፃው እኮ እውነትም ያስቀይማል። አራቱ ላይ ተራራ ብቻ ነው፣ ንጹሕ ነው። እኔም ብሆን ከግራ እቆርጠው ነበር። ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ሁልጊዜ ይቆረጣል። መሃል ብትቆም ኖሮ አትቆረጥም ነበር።

---

ብሌን_ዘ

ያልከውን በፎቶው ላይ እንሞክረው። ሙሉው ላይ አምስት ሰው አለ። ግሬታ ሦስተኛ ናት። ከግራም ሁለት፣ ከቀኝም ሁለት። መሃል ላይ ናት ማለት ነው። ናካቴን ስትቆርጥ ግሬታ ከአራቱ ሁለተኛ ትሆናለች። ቅንብር ብለህ የጀመርከው ሰው ሚዛኑን ራስህ አፈረስከው። የታወቀችዋ ሴት መሃል ነበረች፣ አሁን አይደለችም። ስለዚህ «ለቅንብር» የሚለው ቢያንስ እንደምትለው ግልጽ አይደለም።

«መሃል ብትቆም» ለሚለው ደግሞ፣ የፎቶው ርዕስ አምስት ሰዎች ናቸው። ካፕሽኑ ስም በስም ይዘረዝራል። ከአምስት ስም አንዱን ከቆረጥክ የቆረጥከው ጌጥ አይደለም፣ ዜናውን ነው። ሕንፃው ካስጠላህ ሌላ ፍሬም ትመርጣለህ። ካልሆነም ሕንፃው ይኑር!

---

መቀስ_በእጄ

ስለ ግሬታ መሃል መሆን አላሰብኩትም ነበር። ነጥብ ነው። ግን ፎቶ አንሺው ሆን ብሎ ነው አላልሽም አይደል?

---

ብሌን_ዘ

አላልኩም፣ አላውቅምም። ሰውየው ልቡ ውስጥ ምን እንደነበረ ከፎቶ አይነበብም። ከፎቶ የሚነበበው ውጤቱ ነው። ሙሉው «ከተለያየ ዓለም የመጡ አምስት ወጣቶች» ይላል። ቁራጩ «የአውሮፓ ወጣቶች» ይላል። ቆራጩ ይህን ቢፈልግም ባይፈልግም አንባቢው የሚያየው ያንን ነው።

በነገራችን ላይ በዚያው ሰሞን ሮይተርስ የናካቴን ፎቶ አውጥቶ ስሟን በሌላ አፍሪካዊት ተሟጋች፣ በዛምቢያዊቷ ናታሻ ምዋንሳ ስም ጻፈው። በኋላ አረመ። አየህ፣ አንዱ ከፍሬም አወጣት፣ ሌላው በፍሬም ውስጥ አስቀርቶ ሌላ ሰው አደረጋት። ስለዚህ ሁለት ፎቶ ስታስተያይ ካፕሽኑንም አብረህ አስተያይ።

---

ጋሽ መኮንን

ብሌን፣ ደስ የሚል ትንተና ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ለመቀስ_በእጄ እንዳይከፋው።

መቁረጥ ሁልጊዜ ክፋት አይደለም። የቼ ጉቬራ ያ የታወቀ ፎቶ ቁራጭ ነው። አልቤርቶ ኮርዳ ማርች 5 ቀን 1960 ሃቫና ላይ ነው ያነሳው። በመርከብ ፍንዳታ ለሞቱ ሰዎች በተደረገ ሥነ ሥርዓት ላይ ነበር። ሙሉው ፍሬም በጎን ነው የሚተኛው። በአንዱ በኩል የሌላ ሰው ፊት ከጎን ይታያል፣ በሌላው በኩል የዘንባባ ቅጠል። ኮርዳ ሁለቱንም ቆርጦ ፊቱን ብቻ አስቀረ። እንደ ሥዕል ካየኸው ድንቅ ውሳኔ ነው። ግን ምን ሆነ? ቀብሩ ጠፋ፣ ቦታው ጠፋ፣ ቀኑ ጠፋ። ሐዘን ላይ የነበረ ሰው የሁሉም ነገር ምልክት ሆኖ ቲሸርት ላይ ወጣ። ቁራጩ አልዋሸም፤ ግን ከየት እንደመጣ የሚነግርህ ነገር አልቀረበትም።

እኔ በሥራ ላይ እያለሁ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር። የቆረጥኩትን ነገር ለአንባቢው ባሳየው ካፕሽኑን መቀየር ይኖርብኛል? ጣሪያውን ባሳየው አይቀየርም። የሰናይትን ስክሪን ባሳየው ግን «ክርክር» የሚለው ቃል ይቆማል? አይመስለኝም።

---

ኪሩ_ዲጂታል

ዘግይቼ መጣሁ። ሰናይት ዕድለኛ ነሽ፣ ፎቶ አንሺው ኦሪጅናሉን ሰጠሽ። ባይሰጥሽስ? አንዳንዴ የተቆረጠው ፋይል ራሱ ያጋልጣል። ካሜራ ፎቶ ሲያነሳ ፋይሉ ውስጥ ትንሽዬ ምስል ይደብቃል። አንዳንድ ፕሮግራም ትልቁን ሲቆርጥ ትንሹን ማደስ ይረሳል። exiftool በሚባለው ፕሮግራም እንዲህ ታወጪዋለሽ፦

```
exiftool -b -ThumbnailImage foto.jpg > tinish.jpg
```

እኔ አንድ ጊዜ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የላከልኝን ፎቶ እንዲህ አድርጌ ከጎኑ የነበረውን ስንጥቅ አየሁት 😂

---

ጋሽ መኮንን

ኪሩ እውነቱን ነው፣ ግን ብዙ አትጠብቂበት። ደህና የሚባሉት ፕሮግራሞች ትንሿንም አብረው ያድሳሉ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የተጫነ ፎቶ ደግሞ ይህን ሁሉ አራግፎ ነው የሚሰጥሽ። ትንሿ ምስል ብትገኝም 160 ፒክስል ገደማ ናት፣ የሰው ፊት አይለይባትም። ምን እንደተቆረጠ ትጠቁማለች እንጂ አታስረዳም። ደግሞም ትንሿ ምስል ከትልቁ ጋር አንድ ብትሆን «አልተቆረጠም» ማለት አይደለም።

ሰናይት፣ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር። 0414ን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ከፊትና ከኋላ ያሉትንም እዪ። ሰፊው ፍሬም ራሱ እኮ ቁራጭ ነው፤ የተቆረጠው ከጊዜ ነው። `DateTimeOriginal` የሚለውን ከእያንዳንዱ ፋይል አውጪና በቅደም ተከተል ደርድሪያቸው።

---

ሰናይት_መ

ደረደርኳቸው ጋሼ። አምስቱም በ11 ሰከንድ ውስጥ የተነሱ ናቸው።

0412 ላይ ሁላችንም ስክሪኑን እያየን ነው። 0413 ላይ፣ አትስቁ፣ ባልደረባዬ ራሱ ነው በእርሳስ ወደ ስክሪኑ የሚያመለክተው። እኔ ገና ከወንበሬ እየተነሳሁ ነው። 0414 የታተመው ነው። 0415 ላይ እሱ ወረቀቱን አግኝቶ ቀና ብሏል፣ ሁለታችንም እየሳቅን ነው። 0416 ደብዝዟል፣ አይረባም።

ከሁሉ የገረመኝ የታተመው ቅጽበት መሆኑ ነው። አንድ ሰከንድ ቢዘገይ ኖሮ ሁለታችንም የምንስቅበት ፎቶ ይወጣ ነበር። አርታኢዋ አምስቱም እጇ ላይ ነበሩ።

---

አቤል24

እንግዲህ ሆን ብላ ነው! ይቅርታ አስጠይቂያት። ይሄን ድርቡን ሁሉ ለአለቃ ላኪ።

---

ሰናይት_መ

ቆይ አቤል። አርታኢዋን ዛሬ አናገርኳት። ደግ ሴት ናት፣ አልተከላከለችም። አምስቱን ፍሬም ከፈትኩላት። 0414ን ለምን እንደመረጠች ስጠይቃት «እጅ የሚታይበት እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ሌሎቹ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው» አለችኝ። የቆረጠችው የጋዜጣው ቦታ ትንሽ ስለሆነ ነው። ሰባት ሰው በዚያ መጠን ቢገባ ፊቶቹ የምስር ፍሬ ያህላሉ። አመንኳት።

ግን አንድ ነገር ብላ አፌን አስያዘችኝ። «ክርክር የበዛበት አልነበረም ነው የምትዪው?» አለችኝ።

ነበረ። እውነቱን ለመናገር ነበረ። ፎቶዎቹ ከመነሳታቸው ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ከዚያው ባልደረባዬ ጋር በሌላ ነገር ተጨቃጭቀን ነበር፣ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። እዚህ መጀመሪያ «እንዲህ ያለ ነገር ትዝ አይለኝም» ያልኳችሁ ስለዚያ ቅጽበት ነበር። ስለ ስብሰባው ግን ካፕሽኑ ሐሰት አልነበረም። በዚያ ሰዓት ፎቶ አንሺው አልመጣም ነበር።

---

መቀስ_በእጄ

ይሄውላችሁ። ቁራጩ ስለ ሰከንዱ ዋሸ፣ ስለ ከሰዓቱ እውነት ተናገረ። አሁን ምን ልትሉ ነው?

---

ብሌን_ዘ

እኔ አሁንም ስህተት ነው እላለሁ። ክርክሩን ሊያሳይ የሚችል ፎቶ ከሌለ በጽሑፍ ይነገራል። የሳቅ ሰከንድ ተቆርጦ የጠብ ማስረጃ አይሆንም። ፎቶ ላይ ያለው ሰው በዚያች ሰከንድ ያደረገውን ብቻ ነው መጠየቅ ያለበት።

---

ጋሽ መኮንን

እኔ እንደ ብሌን እርግጠኛ አይደለሁም። 0415ን ከሳቁ ጋር ቢያወጡት ደግሞ ጭቅጭቁን የሚያውቁት «ይሄ ሁሉ ሰላም ከየት መጣ?» ይሉ ነበር። አርታኢ ሆኜ ሁለቱንም ስህተት ሠርቻለሁ። ሰናይት፣ ምን ተስማማችሁ?

---

ሰናይት_መ

የድረ ገጹን ተክታዋለች። 0415ን ወሰደች፣ ካፕሽኑም «ተሳታፊዎች የበጀት ሠንጠረዡን ሲያርሙ» ሆነ። ስክሪኑም ገብቷል፣ የእሱ ወረቀትም ገብቷል። የወረቀቱ እትም አንዴ ወጥቷል፣ ምንም አይደረግም።

ደስ ብሎኝ ቡና ልጠጣ ስሄድ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ አስቆመችኝ። ስክሪኑን ለማስገባት ፍሬሙ ወደ ግራ ሄዷል፤ ስለዚህ ከቀኝ ተቆርጧል። ያቺ አፏን ይዛ የምትስቀው እሷ ነበረች። አሁን የቀረው ክርኗ ብቻ ነው። «ስህተቱን ያገኘሁት እኮ እኔ ነበርኩ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እሷ ናት ያገኘችው።